አንድ ግራም ኖራ ለአንድ ኪሎ አፈር፦ የግብርና ምርምር ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ ተመራማሪዎች፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ከየቀበሌው የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በዚህ ቦታ የሚቆም ሰው ምን እንደሚል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ግብርና የኢኮኖሚው የጀርባ አጥንት ነው ይላል፣ ባለድርሻ አካላትን በየተራ ያመሰግናል፣ ጉባኤው መከፈቱን ያበስርና ይወርዳል። ምስጋናውን አላስቀርም፤ የቀረውን ደቂቃ ግን ከኋላዬ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ ለተጻፈው መሪ ቃል ላውለው እፈልጋለሁ። «አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም፦ ከሙከራ ማሳ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ» ይላል። ከአዳራሹ ግማሹ ለዚህ ጉዳይ ዕድሜውን የሰጠ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም አርሶ አደሩ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበሩ፣ ከባንክና ከትራንስፖርት ቢሮ የተጋበዘው እንግዳ፣ ሁለት ቀን ሙሉ «ፒኤች» ሲባል ሊሰማ ነው። ንግግሬ ለእነዚህኞቹ ነው። ተመራማሪዎቹ ነገሩን አቃልዬ ስናገር ታገሡኝ።

ከምታውቁት ልነሳ። በአዊና በጎጃም ደጋ ብዙ ቤት ጓሮው ላይ ጎመኑም ገብሱም ይፋፋል፤ ከቤቱ ራቅ ያለው ማሳ ላይ ግን ያው ገብስ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ዝናቡ አንድ ነው፣ ዘሩ አንድ ነው፣ ገበሬውም አንድ ነው። ልዩነቱ ዓመታት የፈጀ ነው። ጓሮው ላይ በየዕለቱ የምድጃ አመድ፣ የከብት እበትና የቤት ጥራጊ ይደፋል። ከሩቁ ማሳ ግን እህሉም ገለባውም ይነሳል፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የሚመለስለት ነገር የለም።

ከማሳው የሚወጣው ዋናው ነገር ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ነው። እነዚህ በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተጣብቀው አሲዱን ቦታ የሚነሱ ናቸው። ብዙ ዝናብ በሚጥልበት ቀይ አፈር ላይ ውኃው እያጠበ ወደ ታች ይወስዳቸዋል፤ አዝመራውና ገለባው ደግሞ የተረፈውን ይዞ ይወጣል። በለቀቁት ቦታ አሲድ ይገባል። ማዳበሪያም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ተለውጦ ናይትሬት ሲሆን አሲድ ይለቃል፤ በተለመደው ስሌት አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚተወውን አሲድ ለማርከስ ወደ 80 ኪሎ ገደማ ኖራ ያስፈልጋል። ዩሪያ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ማዳበሪያ ያለ ኖራ ለብዙ ዓመት በተከታታይ ሲሰጥ ሒሳቡ የት እንደሚወድቅ ማወቅ ግን ግድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ የሚካሄድ የግጦሽ ሣር ሙከራ አለ። አሞኒየም ሰልፌት ሲሰጣቸው የኖሩት መደቦች ኖራ ካልተጨመረባቸው ፒኤቻቸው ከ4 በታች ወርዶ ከብዙ ዓይነት ሣርና አበባ ጥቂቶቹ ብቻ ቀሩባቸው።

ፒኤች የአሲድን ብርታት የሚለካ ቁጥር ነው። 7 መካከለኛው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ እንደሚሆን ልብ በሉ፤ 4.8 የሆነ አፈር 5.8 ከሆነው አሥር እጥፍ ይኮመጥጣል። የእኛ የአደጋ መስመር 5.5 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የሚጎዳው አሲዱ ራሱ ሳይሆን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሸክላማ አፈር ሁሉ ውስጥ አለ፤ አፈሩ ደህና ሳለ ከድንጋዩ ጋር ታስሮ ይቀመጣል። አሲዱ ሲበረታ እየሟሟ ወደ ውኃው ይገባና የሥሩን ጫፍ ይመታል። ጫፉ የተመታ ሥር ወደ ታች አይሄድም። በዚህ ላይ አሉሚኒየምና ብረት በማዳበሪያ የምትጨምሩትን ፎስፈረስ ይይዙታል፤ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ እያለ ለሰብሉ አይደርስም። ገብስና ባቄላ ይህን ከማይችሉት ሰብሎች ውስጥ ናቸው። ድንች፣ እንግዶና ግብጦ ይታገሡታል። የደጋው ገበሬ ባለፉት ዓመታት ከገብስ ወደ እነዚህ የሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ያለ ላቦራቶሪ መጠርጠር ይቻላል። ከዘራችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ደካማ የገብስ ቡቃያ በማንኪያ ወይም በትንሽ ዶማ ዙሪያውን ቆፍራችሁ አውጡና ሥሩን በውኃ እጠቡ። ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ቡናማ ከሆነና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ከሌለው አሉሚኒየምን ጠርጥሩ። ሥሩ ነጭና ብዙ ሆኖ ቅጠሉ ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን የናይትሮጅን እጥረት ወይም የውኃ መተኛት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ኖራ መድኃኒት አይደለም።

ሀገሪቱ ከምታርሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ ከሩብ በላይ የሚሆነው ደግሞ በጣም አሲዳማ ከሚባለው ወገን ነው። ወለጋ፣ ጎጃም፣ አዊ፣ ሀዲያ፣ ጨንቻ፣ የሆለታ አካባቢ፣ ሁሉም ይጠራሉ። ቁጥሩ በየጉባኤው ይነገራል፤ እኔም ተናግሬዋለሁ፤ አሁን ወደ ሥራው ልለፍ።

ሥራው የሚጀምረው ብዙ ሰው ከሚሳሳትበት ጥያቄ ነው። ማሳው 4.8 መሆኑን ካወቅን ምን ያህል ኖራ ይበቃዋል? ፒኤች ብቻውን ይህን አይመልስም። አንድ ጋን ጠላና አንድ ማሰሮ ጠላ እኩል ሊኮመጥጡ ይችላሉ፤ ጋኑን ለማጣፈጥ የሚፈልገው ማር ግን የማሰሮው አይደለም። አፈርም እንዲሁ ነው። ሸክላ የበዛበት አፈር በቅንጣቶቹ ላይ ይዞት የሚኖር ብዙ አሲድ አለው፤ አሸዋማው ጥቂት ነው። ሁለቱም ፒኤች 4.8 ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ላቦራቶሪው ከፒኤች ሌላ በቅንጣቱ ላይ የተያዘውን አሲድ መለካት አለበት። ይህን ልኬት የማያሳይ የኖራ ምክር ሲቀርብላችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ጉባኤም ቢሆን።

አንድ ማሳ ወስደን እናስላ። ባንጃ ወረዳ ውስጥ አለ የምንለው፣ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ አንድ ሄክታር ቀይ አፈር ነው። ኖራው የሚደባለቀው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነው እንበል። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ስለሆነ በዚያ ጥልቀት 1,500 ሜትር ኩብ አፈር አለ። የዚህ ዓይነት አፈር አንድ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ በጠቅላላው 1,800 ቶን አፈር ማለት ነው። ላቦራቶሪው የተያዘውን አሲድ ለካና በሚጠቀምበት መለኪያ 2 አገኘ እንበል። ይህን ያህሉን አሲድ ለማርከስ ለእያንዳንዱ ኪሎ አፈር አንድ ግራም ንጹሕ ኖራ ይበቃል።

አንድ ግራም ሲባል ትንሽ ይመስላል። ኪሎው 1.8 ሚሊዮን ሲሆን ግን 1,800 ኪሎ ኖራ ይሆናል። የምንገዛው ኖራ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም፣ በበሬ ማረሻም እኩል አይደባለቅም፤ ለዚህ ሲባል አንድ ተኩል እጥፍ ይደረጋል። 2,700 ኪሎ፣ ማለትም 27 ኩንታል ሆነ። ለአንድ ቃዳ፣ የሄክታር ሩብ፣ ሰባት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

የመሪ ቃሉን ሁለተኛ ክፍል የጻፈው ይህ 27 ኩንታል ነው። ኖራ አሲድን እንደሚያረክስ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ለዚያ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም። ገበሬው ለአንድ ሄክታር ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ለማግኘት ስንት ወረፋ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ከዚያ አሥራ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ዱቄት አምጣ እየተባለ ነው። የድንጋይ ኖራ ከሚፈጭባቸው ቦታዎች አንዱ ደጀን ነው፤ ከደጀን እንጅባራ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። አንድ ኢሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን ለሁለት ሄክታር አይበቃም። ከመኪና መንገዱ እስከ ማሳው ያለውን የምትሸከመው አህያ ናት፤ በግማሽ ኩንታል ሒሳብ ለአንድ ሄክታር 54 ምልልስ ይሆንባታል። የኖራው ዋጋ ርካሽ ነው የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ፋብሪካው በር ላይ ያለው ዋጋ መሆን አለመሆኑን እዩ።

ወቅቱም የራሱ ጣጣ አለው። ኖራ በደረቅ አፈር ውስጥ አይሠራም፤ እርጥበት ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። በዘር ቀን የተበተነ ኖራ ለዚያ ዓመት ሰብል የሚያደርገው ጥቂት ነው። ዘሩ ሰኔ ላይ ከሆነ ኖራው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ቢቻል መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያረጥብ ተበትኖ ታርሶ መግባት አለበት። ለዚህ ደግሞ ጥርና የካቲት ላይ ተጓጉዞ ቀበሌ መድረስ ይኖርበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በዚያ ጊዜ ምን እንደያዘ፣ መኪኖቹስ ለምን ሥራ እንደተመደቡ ሊቀመንበሮቹ ከእኔ የተሻለ ይመልሳሉ። በብዙ ቦታ የሚሆነው ኖራው ዘግይቶ ይመጣል፣ ውጭ ይቆለላል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ይጋገራል። የተጋገረ ኖራ በእኩል አይበተንም፤ በማሳው ላይ እብጠት እብጠት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዓመቱ አልፎ «ኖራ አይሠራም» የሚል ወሬ ይወጣል።

የዱቄቱ ልመትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኖራ የሚሠራው ቅንጣቱ ሲሟሟ ነው፤ እንደ ጠጠር የሻከረው ለዓመታት ሳይሟሟ ሊቀመጥ ይችላል። በጣታችሁ መካከል ስታሹት እንደ ዱቄት የላመ መሆን አለበት። ደግሞ ጄሶን ኖራ ነው ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ጄሶ ካልሲየም አለው፤ አሲድን ግን አያረክስም። መለየቱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ዱቄት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። የእርሻ ኖራ አረፋ ይሠራል፤ ጄሶ ዝም ይላል። ኖራን ከዩሪያ ጋር ቀላቅሎ መበተን ደግሞ ናይትሮጅኑን ወደ አየር መስደድ ነው፤ ሁለቱ በየራሳቸው ጊዜ ይግቡ።

የአፈር ናሙና አወሳሰዱም ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ከአንድ ማሳ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ በእባብ አካሄድ ይወሰዳል፣ ይደባለቃል፣ ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የድሮ በረት የነበረበት፣ አመድ የተደፋበት፣ ከሰል የከሰለበት ቦታ አይነካም። ከእነዚህ አንዱ ከገባ ውጤቱ ማሳው ጤነኛ ነው ይላችኋል፤ ሰብሉ ግን አይስማማም።

እዚህ ላይ ዲከረንስ ስለሚባለው ዛፍ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ብዙ ገበሬ የማያበቅል ማሳውን ለዲከረንስ ሰጠ። መጀመሪያ ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ዘራ፣ ቀጥሎ ሣር አጨደ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ እዚያው አከሰለ። አንዳንድ ባለሙያ ይህን የእርሻ ሽንፈት አድርጎ ሲናገር እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ሲያቅተው ራሱ ገበሬው ያገኘው መልስ ነው፤ ከሰል የከሰለበት ቦታ ላይ የሚቀረው አመድም ከኖራ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ መትቶታል። ዛፉ የከዳው ገበሬ ወደ እህል ሲመለስ የሚጠብቀው ያው የቀድሞው አሲዳማ አፈር ነው። ስለዚህ የእነዚያ ማሳዎች አፈር አሁን ምን እንደሚመስል ማወቅ ለዚህ ጉባኤ የቅርብ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ 27ቱን ኩንታል ምን እናድርገው? ሁለት ቀን የምንከራከረው በዚህ ነው። አንደኛው መንገድ ሙሉ መጠኑን አንዴ ሰጥቶ ለጥቂት ዓመታት ማረፍ ነው። ሙሉ መጠን የተሰጠው ማሳ እንደ ዝናቡና እንደ ማዳበሪያው ለበርካታ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ወጪው ግን በአንድ ዓመት ይወድቃል፣ ብድር ይፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ከመጠኑ ሩብ ያህሉን፣ በእኛ ምሳሌ ሰባት ኩንታል ገደማ፣ በየዓመቱ በመስመር ዘሩ በሚገባበት ቦታ ብቻ ማድረግ ነው። ይህ ለገበሬው አቅም ይቀርባል። ግን የሚታከመው የመስመሩ አፈር ብቻ ነው፤ ሥሩ ከመስመሩ ሲወጣ አሉሚኒየሙ ይጠብቀዋል። መስመር መዝራት ራሱ ጉልበት የሚበላ መሆኑን ደግሞ ከእኔ ይልቅ ገበሬዎቹ ያውቃሉ። ሦስተኛው የሚቋቋም ሰብልና ዝርያ መምረጥ ነው፤ ትሪቲካሌና እንግዶ ለዚህ ይጠራሉ። ይህ ጊዜ ይገዛል እንጂ አፈሩን አያድነውም፤ እዚያው ላይ ማዳበሪያ እየጨመርን ገለባውን እያነሳን ከቀጠልን ፒኤቹ መውረዱን አያቆምም።

የእኔ አስተያየት ከተጠየቀ ሩቡን መጠን ከኮምፖስትና ከፍግ ጋር አድርጎ በየዓመቱ ማስገባት ለአብዛኛው ገበሬ የሚሆን ይመስለኛል። በበሰበሰ ፍግ ውስጥ ያለው ነገር አሉሚኒየሙን በከፊል ያስረዋል፣ የተነጠቀውንም ካልሲየም ጥቂት ይመልሳል። ግን ኩበት ማገዶ በሆነበት ቤት ፍጉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ በእሱ ላይ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል። ኖራን ማብዛትም መፍትሔ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ የተሰጠው አፈር ዚንክና ብረት ለሰብሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል።

ለአቅራቢዎች ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ኖራ ምርት ጨመረ ስትሉ ከምን ጋር አወዳድራችሁ እንደሆነ ንገሩን። ኖራ ብቻ፣ ማዳበሪያ ብቻ፣ ሁለቱም አብረው፣ ሁለቱም የሌሉበት፣ እነዚህ አራት መደቦች ከሌሉ ጭማሪው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ የአንድ ዓመት ውጤት ይዛችሁ ስለ ዘላቂ መፍትሔ አትናገሩ፤ ኖራው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ምን እንደሆነ የሚያሳይ ውጤት ካላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን አቅርቡ። ሦስተኛ፣ የትርፍ ሠንጠረዣችሁ ውስጥ የመኪናውና የአህያው ኪራይ ይግባ።

አርሶ አደሮችም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ማሳችሁ ላይ ኖራ ተሞክሮ ያልሠራ ካለ መቼ እንደተበተነ፣ ስንት ኩንታል እንደነበረ፣ ዱቄቱ ምን ይመስል እንደነበር ንገሩን፤ ከብዙዎቹ ሠንጠረዦች ይልቅ ያ ይጠቅመናል። ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ያለው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ናሙናና ልኬት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ማጓጓዝና ብድር እንሄዳለን። ነገ ጠዋት የአፈር ላቦራቶሪው ክፍት ስለሆነ ከማሳችሁ አፈር ይዛችሁ የመጣችሁ ስማችሁን በር ላይ ላለችው ጸሐፊ አስመዝግቡ። የመጀመሪያውን አቅራቢ ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።